ምዕራፍ ሰባት፦ ስለዘገየ ዕቃና ስለማይመለስ ገንዘብ የሚጻፍ መልስ

ደንበኛው የጻፈው ደብዳቤ አንድ ገጽ አይሞላም። «ዕቃዬን ነሐሴ 5 ቀን ልታስረክቡኝ ተዋውለን እስከ ዛሬ ነሐሴ 23 ድረስ አንድ ወንበር አላየሁም። ስደውል ነገ ትሉኛላችሁ። ከዚህ በኋላ ዕቃውን አልፈልግም። የሰጠሁት ቀብድ እጥፍ ሆኖ በሦስት ቀን ውስጥ ይመለስልኝ፤ አለበለዚያ በሕግ እጠይቃለሁ» ይላል። ደብዳቤው የደረሰው አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ቤት ነው። ጸሐፊው ደግሞ ለአዲስ ዓመት ካፌ ሊከፍት የሚጣደፍ ሰው ነው። የሁለቱንም ስም አላነሳም፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲያመቹ አቅልያቸዋለሁ። ጉዳዩ ግን በየሠፈሩ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ባለበት ሁሉ የሚገጥም ነው።

ውሉ ይህን ይመስላል። ሰኔ 20 ቀን ተፈርሟል። 40 ወንበር እያንዳንዱ በ8,000 ብር፣ 10 ጠረጴዛ እያንዳንዱ በ16,000 ብር፣ ጠቅላላ 480,000 ብር። በፊርማው ዕለት ግማሹ 240,000 ብር ተከፍሏል፤ ውሉም ይህን ገንዘብ «ቅድመ ክፍያ» ብሎ ይጠራዋል። ርክክቡ ከፊርማው በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ነው። ማጓጓዣው በገዢው ይሸፈናል። ሰኔ ከ20 በኋላ አሥር ቀን፣ ሐምሌ ሠላሳ፣ ነሐሴ አምስት፤ 45ኛው ቀን ነሐሴ 5 ላይ ይውላል። ደንበኛው በቆጠራው አልተሳሳተም።

የማምረቻው ቤት ባለቤት ደብዳቤውን ይዞ ሲመጣ የራሱን መልስ አስቀድሞ ጽፎ ነበር። እንዲህ ይጀምራል፦ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለተፈጠረው መዘግየት ይቅርታ እየጠየቅን፣ ዕቃው በቅርብ ቀን የሚደርስዎ መሆኑን በትሕትና እንገልጻለን።» ዓረፍተ ነገሩ የጨዋ ነው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሲጻፍ ያደግንበትም አነጋገር ነው። ሆኖም አንብቤ ሳበቃ ብዕሩን አስቀምጥ አልኩት። ለምን እንዳልኩት ሳልገልጽ ወደ ትክክለኛው መልስ መሄድ አልችልም፤ ምክንያቱም በዚህ በአንድ መስመር ውስጥ ሦስት ጉድለት አለ፤ ሦስቱም ከጨዋነት ብዛት የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው «ለተፈጠረው» የሚለው ቃል ነው። መዘግየቱን ማን ፈጠረው? አማርኛችን ባለቤቱን ሳይጠራ ድርጊቱን ብቻ የሚናገር ግሥ ለመፍጠር የተመቸ ነው፤ ተፈጠረ፣ ተጓተተ፣ ሳይደርስ ቀረ። በቃል ስንነጋገር ይህ አነጋገር ሰው እንዳይከፋው ያገለግላል። ገንዘቡን ከፍሎ ለሚጠብቅ ሰው ግን «እኔ አይደለሁም፤ ራሱ ሆነ» ብሎ እንደ መሸሽ ይነበባል። ይቅርታውም አብሮ ይፈርሳል፤ ጥፋቱን ያልተቀበለ ሰው ይቅርታ ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው «በቅርብ ቀን» ነው። ደንበኛው የተቆጣው «ነገ» መባሉ ሰልችቶት ነው። «በቅርብ ቀን» ያው «ነገ» ነው፤ ልዩነቱ የደብዳቤ ወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይከፋል፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀውም ቦታ ሰጥቼ ልናገረው። «ከአቅም በላይ» የሚለው አነጋገር በመንገድ ላይ ሰበብ ነው፤ በሕግ ውስጥ ግን የራሱ ልክ ያለው ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1792 እንደሚለው፣ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚያግደው ነገር ነው። ሁለቱም ባሕርያት አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ሥራውን አክብዶታል ወይም አስወድዶታል ማለት አይበቃም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 1793 የተፈጥሮ አደጋን፣ ጦርነትን፣ ውሉን መፈጸም የሚከለክል የመንግሥት ትእዛዝን የመሳሰሉትን ይዘረዝራል። ቁጥር 1794 ደግሞ የማይቆጠሩትን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከእነዚህም አንዱ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ስንት አምራች ለደንበኛው «ከአቅም በላይ በሆነ የዋጋ ጭማሪ» እያለ እንደጻፈ አንባቢ ያስታውሳል። ጭንቀቱ እውነት ነበር። የሕጉ መልስ ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ተጽፎ ቆይቷል።

ታዲያ ደንበኛው ጠበቃ ይዞ ከመጣ «ከአቅም በላይ» ብሎ የጻፈ ሰው ሊያስረዳ የማይችለውን ነገር በገዛ እጁ አስፍሯል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እውነተኛ ምክንያት ቢኖረው እንኳ የሚያምነው አያገኝም።

ስለዚህ መልስ ከመጻፍ በፊት ቀን መቁጠር ይቀድማል። ባለቤቱን፣ የፋብሪካውን ኃላፊና የቀን መዝገቡን አንድ ጠረጴዛ ላይ አገናኘኋቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ቀን ዘገየን?» የሚል ነበር። ባለቤቱ «18» አለ፤ ከነሐሴ 5 እስከ ነሐሴ 23። ይህ የተለመደ ስሕተት ነው። መዘግየቱ የሚቆጠረው ቅሬታው እስከ መጣበት ቀን አይደለም፤ ዕቃው በእርግጥ እስከሚደርስበት ቀን ነው። «የመጨረሻው ጠረጴዛ መቼ ያልቃል?» ብዬ ጠየቅሁ። ኃላፊው ነሐሴ 26 አለ። ባለቤቱ «25 በለው፤ ደስ ይበለው» አለ። ነሐሴ ዝናብ ነው፤ አየሩ እርጥብ ነው፤ ቫርኒሽ በበጋ እንደሚደርቀው አይደርቅም። ሁለት ቀን ጨምረን ነሐሴ 28 አልን። ለተቆጣ ደንበኛ የሚሰጥ ሁለተኛ ቀን ከመጀመሪያው ይልቅ ውድ ነው፤ እሱ ከከሸፈ የሚጻፍ ሦስተኛ ደብዳቤ የለም። በዚህ ሒሳብ መዘግየቱ 23 ቀን ሆነ።

ከዚያ 23ቱን ቀን ማን እንደበላቸው መለየት ነበረብን። መዝገቡ ሦስት ነገር አሳየን።

ከሐምሌ 24 እስከ 29 ድረስ፣ ለ6 ቀን፣ የሠፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ መብራት አልነበረም። ባለቤቱ «ይሄውልህ፤ ይህ ከአቅም በላይ ነው» አለኝ። እኔ አልመሰለኝም። መብራት መጥፋቱን እሱ አልፈለገውም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በብየዳና በመጋዝ የሚተዳደር ሰው መብራት ይጠፋል ብሎ አላሰብኩም ቢል ማን ይሰማዋል? ጄኔሬተር መከራየት ይቻል ነበር፤ ወጪ ስለሆነ ተተወ። ይህ ውሳኔ የንግድ ውሳኔ ነው፤ መክፈል ያለበትም ነጋዴው ነው። 6ቱን ቀን በእኛ ላይ ጻፍናቸው።

ነሐሴ 1 ቀን ቀለም ቀቢው ሥራ ለቀቀ፤ ተተኪው የተገኘው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ይህ ለክርክር አይቀርብም። 10ሩም የእኛ ናቸው።

የቀሩት 7 ቀናት ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ሐምሌ 18 ቀን ደንበኛው በቴሌግራም አንድ ፎቶ ልኮ «ጠረጴዛዎቹ ክብ ሳይሆኑ አራት ማዕዘን ይሁኑልኝ» ብሎ ጽፏል። ያን ጊዜ አሥሩም የጠረጴዛ ገጽ በክብ ተቆርጦ ነበር። አዲስ ጣውላ ተገዝቶ፣ ተቆርጦ፣ ጠርዙ እስኪለብስ ድረስ 7 ቀን ፈጀ። የባለቤቱ መልስ አንድ ቃል ነበር፦ «እሺ»።

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። እዚህ ላይ ግን «እሺ» ዋጋ አስከፈለ። «እሺ፤ ግን ርክክቡ ወደ ነሐሴ 12 ይገፋል፤ ከተስማሙ ይጻፉልኝ» ቢል ኖሮ ሰባቱ ቀን በንጹሕ የደንበኛው ይሆኑ ነበር። ያላለው በይሉኝታ ነው፤ ገንዘብ ከፍሎ ደስ ብሎት ለሚያወራ ሰው «ይዘገያል» ማለት ከበደው። እነዚያን ቀናት በደብዳቤው ልናነሳቸው እንችላለን፤ መልእክቱ በቀኑና በሰዓቱ ስልኩ ላይ አለ። ሆኖም አለመናገራችንን አብረን ሳናምን ብናነሳቸው ሰውየው «ታዲያ ያኔ ለምን አልነገራችሁኝም?» ይለናል፤ ልክም ነው። ስለዚህ ቀኖቹን እንጠራቸዋለን፤ ዝምታችንንም እንጠራዋለን።

ውጤቱ 16 ቀን የእኛ፣ 7 ቀን የለውጡ ሆነ። ሙሉው የመልሱ ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ክፍፍል ነው። የራሱን 16 ቀን ሳይሰስት የተቀበለ ሰው ሰባቱን ሲጠቅስ ይታመናል። ሁሉንም ሊክድ የተነሳ ሰው ግን ስለ ሰባቱም አይታመንም። በሌላ በኩል ሁሉንም ተሸክሞ «ጥፋቱ በሙሉ የእኛ ነው» የሚል ደብዳቤ ደግሞ ለገንዘብ መመለስ ጥያቄው በር ይከፍታል፤ ያውም በሐሰት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ደንበኛው ሁለት ነገር ጠይቋል፤ ውሉ ይፍረስ፣ ቀብዱም እጥፍ ሆኖ ይመለስ።

እጥፍ የሚለው ከአየር የመጣ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 1885 ስለ ቀብድ ሲናገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ሊተው እንደሚችል፣ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊተው እንደሚችል ይደነግጋል። ሕዝቡ ይህን ያውቃል፤ ቤት ሲገዛና ከብት ሲሸጥ ሲጠቅሰው ይሰማል። ግን ልብ በሉ፤ እጥፉ ከውል መውጣት የፈለገ ተቀባይ የሚከፍለው የመውጫ ዋጋ ነው። አምራቹ ደግሞ ከውሉ ልውጣ አላለም፤ 40 ወንበር ሠርቶ አስቀምጧል። በዚያ ላይ ውሉ ገንዘቡን የሚጠራው ቅድመ ክፍያ ብሎ ነው እንጂ ቀብድ ብሎ አይደለም። ይህን ለደንበኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር መንገር ይበቃል። የሕግ ቁጥር መደርደር አያስፈልግም፤ ቁጥር የተደረደረበት ደብዳቤ የክስ መቅድም ይመስላል፤ ያነበበውም ሰው ወደ ጠበቃ እንጂ ወደ ስልኩ አይሄድም።

ውሉን የማፍረስ ጥያቄው ግን ከበድ ያለ ነው፤ መልሱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሕጉ አካሄድ የዘገየበት ወገን በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ይህ በቁጥር 1772 ነው። በማስጠንቀቂያው ውስጥም ተገቢ የሆነ የመጨረሻ ጊዜ ሊወስን ይችላል፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ዕቃውን አልቀበልም ማለት መብቱ ነው። ደንበኛው እስከ ነሐሴ 23 ድረስ በጽሑፍ እንዲህ ያለ ጊዜ አልሰጠም። ደብዳቤው በአንድ ትንፋሽ ማስጠንቀቂያም መሰናበቻም ሆኖ መጣ። እኛ የምንቆምበት መሬት ይህ ነው፤ ደብዳቤውን እንደ ማስጠንቀቂያ እንቀበለዋለን፤ የመጨረሻውንም ቀን እኛው እንሰጠዋለን።

በዚህ መሬት ላይ ግን ከልክ በላይ መተማመን አይገባም። ማስጠንቀቂያ የግድ «ማስጠንቀቂያ» የሚል ርእስ ያለው ወረቀት መሆን የለበትም፤ ሕጉ ባለመብቱ ይፈጸምልኝ ማለቱን የሚያሳይ ሌላ ድርጊትንም ይቀበላል። ደንበኛው ከነሐሴ 5 ወዲህ ደጋግሞ ደውሏል። «በጽሑፍ አላስጠነቀቁንም» ብሎ መመካት ስለዚህ አደገኛ ነው፤ ደግሞም ሲደውል «ነገ» ያልነው እኛ ነን። በደብዳቤው ላይ ይህን ነጥብ ጨርሶ አላነሳነውም።

አሁን የተላከውን ደብዳቤ እንዳለ ላስፍረው።

«ቀን፦ ነሐሴ 24

ጉዳዩ፦ ነሐሴ 23 ቀን ስለጻፉልን ቅሬታና ስለ ርክክቡ ቀን

ትናንት የጻፉልን ደብዳቤ ደርሶን አንብበነዋል። ዛሬ ጠዋት በስልክ የተነጋገርነውንም በጽሑፍ ለማረጋገጥ ይህን ጻፍን።

ሰኔ 20 ቀን በተፈራረምነው ውል መሠረት 40 ወንበርና 10 ጠረጴዛ ልናስረክብዎ የሚገባው ነሐሴ 5 ቀን ነበር። አላስረከብንም። ዕቃውን በሙሉ የምናስረክብዎ ነሐሴ 28 ቀን ስለሆነ መዘግየቱ 23 ቀን ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 16ቱ ቀን የእኛ ጥፋት ነው፤ 6ቱ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ባለመከራየታችን፣ 10ሩ ቀለም ቀቢያችን ሲለቅ በጊዜው ባለመተካታችን ያለፉ ናቸው። ለዚህም፣ በደወሉ ቁጥር ነገ እያልን ስላመላለስንዎም ይቅርታ እንጠይቅዎታለን። የቀሩት 7 ቀናት ሐምሌ 18 ቀን ባዘዙን መሠረት አሥሩን የጠረጴዛ ገጽ ከክብ ወደ አራት ማዕዘን ለመለወጥ የፈጁ ናቸው። ለውጡ ቀኑን እንደሚገፋው በዚያን ጊዜ ልንነግርዎ ይገባን ነበር፤ አልነገርንዎትም።

ዛሬ 40ዎቹ ወንበሮችና 6 ጠረጴዛዎች ተጠናቀዋል። መጥተው ሊያዩዋቸው ይችላሉ። 4 ጠረጴዛዎች ቫርኒሽ ላይ ናቸው።

የከፈሉትን 240,000 ብር እንድንመልስና እጥፍ እንድንከፍል ጠይቀዋል። ይህን ልንቀበል አንችልም። ዕቃው በእርስዎ ልክና ምርጫ ተሠርቶ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ውሉንም እኛ አልተውነውም። ደብዳቤዎን ግን እንደ መጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተቀብለነዋል።

ስለዚህ የሚከተለውን እናደርጋለን። ያለቁትን 40 ወንበሮችና 6 ጠረጴዛዎች ከፈለጉ ነገ ነሐሴ 25 ቀን እናደርስልዎታለን። ቀሪዎቹን 4 ጠረጴዛዎች ነሐሴ 28 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት እናስረክባለን። ማጓጓዣውና መግጠሙ በእኛ ወጪ ይሆናል። ስለ 16ቱ ቀን ከጠቅላላው ዋጋ በቀን 0.1 በመቶ አስበን 7,680 ብር ከቀሪው ክፍያ ላይ እንቀንሳለን፤ ቀሪው 232,320 ብር ይሆናል።

ነሐሴ 28 ቀን በተባለው ሰዓት ሁሉንም ካላስረከብን ውሉን ማፍረስ የእርስዎ ምርጫ ነው። ያን ጊዜ የከፈሉትን 240,000 ብር በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በሙሉ በባንክ ሒሳብዎ እንመልሳለን፤ ያደረስነውንም ዕቃ በራሳችን መኪና እናነሳለን።

ነገ ያለቁትን እንድናመጣ ይፈልጉ እንደሆነ እስከ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ይንገሩን።

ከሰላምታ ጋር»

በደብዳቤው መጀመሪያ የተጠቀሰው ስልክ ለጌጥ የገባ አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ሰዎች በስልክ «ወንድሜ» እየተባባሉ፣ አንተ እየተባባሉ ነበር የቆዩት። «ወንድሜ» ሲለው ከቆየ ሰው ድንገት ማኅተም ያለበት «እርስዎ» ሲመጣ በእኛ ዘንድ አክብሮት መሆኑ ይቀርና መቆራረጥ ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ ጠዋት ደወለ፤ ሰውየውን እስኪበቃው አናገረው፤ ሳያቋርጥ ሰማው፤ «ያልኩህን ሁሉ ዛሬውኑ በወረቀት አደርስሃለሁ፤ ወረቀት ስለሆነ እርስዎ እልሃለሁ፤ አትቀየመኝ» አለው። በስልኩ ላይ ምንም አዲስ ቃል እንዳይገባ ግን አጥብቄ ነግሬው ነበር። በስልክ የተሰጠ ተጨማሪ ቅናሽ በደብዳቤው ላይ ከሌለ ጠቡ እንደገና ይጀመራልና።

እምቢታው በደብዳቤው ውስጥ የተቀመጠበትን ቦታ ተመልከቱ። ከይቅርታውና ዕቃው ካለበት ሁኔታ በኋላ፣ ከምናደርገው ነገር በፊት ነው። ቃሉም አጭር ነው፦ «ይህን ልንቀበል አንችልም።» ባለቤቱ «ለመቀበል የምንቸገር መሆኑን» እንዲባል ፈልጎ ነበር። «መቸገር» ግን በአማርኛ ልመናን ይጋብዛል፤ የተቸገረ ሰው ትንሽ ቢገፋ እሺ ይላል። እምቢ የሚባለው ነገር በአንድ ግልጽ ግሥ ተብሎ ካለቀ በኋላ ያለው ደብዳቤ ሁሉ ለስላሳ መሆን ይችላል። የተሸፋፈነ እምቢታ ግን እየተሸፋፈነ ደጋግሞ መምጣት አለበት፤ በሦስተኛው ጊዜ ስድብ ይመስላል።

0.1 በመቶው ከየት መጣ? ውሉ ስለ መዘግየት ቅጣት የሚለው ነገር አልነበረም። በመንግሥት ግዥ ውሎች ላይ ካልቀረበው ዕቃ ዋጋ በቀን 0.1 በመቶ እየታሰበ እስከ 10 በመቶ የሚደርስ መቀጫ የተለመደ ስለሆነ፣ እሱን ልክ ወሰድን። 480,000 ብር በ0.1 በመቶ 480 ብር ነው፤ በ16 ቀን 7,680 ብር። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ጥቅሙ ከየት እንደመጣ ማስረዳት መቻሉ ነው። ዝም ብሎ «10,000 ብር እንቀንስልዎ» ቢባል ደንበኛው «ለምን 20,000 አይሆንም?» ይላል፤ መልስም የለንም። በቀን ተባዝቶ የመጣ ቁጥር ግን እንዲጨምር የሚፈልግ ሰው ቀኑን ወይም መቶኛውን መከራከር አለበት፤ ክርክሩም ስለ ሥራው ይሆናል እንጂ ስለ ማንነታችን አይሆንም።

ከሁሉም በላይ ባለቤቱን ያስፈራው የገንዘብ መመለሻው አንቀጽ ነበር። «ገንዘቡን አልመልስም ካልኩ በኋላ እመልሳለሁ ብዬ እንዴት እጽፋለሁ?» አለኝ። የደብዳቤው ወገብ ግን ይህ ነው። ቃል አፍርሶ የነበረ አምራች ከዚህ ሌላ የሚሰጠው ዋስትና የለውም። ነሐሴ 28 ቢያልፍ ደንበኛው ይህን ገንዘብ በሕግ ያገኘው ነበር፤ እኛ ያደረግነው አስቀድመን ማመን ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደንበኛው አንድ ነገር ያያል፤ ይህ ሰው ገንዘቤን ለመያዝ አይደለም እምቢ የሚለው፤ ዕቃውን ስለሠራ ነው። ይህን አንቀጽ ለመጻፍ የማይደፍር ሰው ቀኑን አላመነበትም፤ ተመልሶ ከፋብሪካው ኃላፊ ጋር ይነጋገር።

እንዲህ ያለ መልስ የማይጻፍበት ጊዜም አለ። ቀኑ ራሱ የውሉ ልብ ከነበረ፣ ለምሳሌ ለሠርግ የታዘዘ ልብስ ሠርጉ ካለፈ በኋላ ቢያልቅ፣ የሚጻፈው መልስ ሦስት መስመር ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ገንዘብዎ በዚህ ቀን ይገባል፣ ይቅርታ። ሕጉም በተወሰነ ጊዜ ብቻ ሊፈጸም የሚችል ውል ጊዜው ካለፈ ማስጠንቀቂያ አይጠይቅም። የካፌው ሰው በውሉ ላይ «ከመስከረም 1 በፊት ካልደረሰ አልቀበልም» ብሎ አስጽፎ ቢሆንና እኛ ከዚያ በኋላ ብንደርስ፣ ወንበሮቹ ምንም ያህል ቢያምሩ መልሱ ይኸው ይሆን ነበር። ሥራው ጨርሶ ካልተጀመረም እንዲሁ ነው። ወንበር ሳይሠሩ «ውሉ ጸንቶ ይቆያል» ብሎ መጻፍ በሰው ገንዘብ መነገድ ነው፤ እንዲህ ላለው ሰው ይህ ምዕራፍ አልተጻፈም።

ደንበኛው ነሐሴ 25 ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ደውሎ ያለቁትን አምጡ አለ። የመጨረሻዎቹ 4 ጠረጴዛዎች ነሐሴ 28 ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ወረዱ። አንደኛው ጠርዙ ላይ ተጭሮ ስለነበር ርክክቡ ላይ ተጽፎ በማግስቱ ታደሰ። ቀሪው 232,320 ብር ጳጉሜን 2 ቀን በባንክ ገባ።